ያጠረ ሁሉ አልተራበም፦ የዳውን ሲንድረም ልጆች የራሳቸው የእድገት ቻርት ይሰጣቸው

የሰቆጣ ቃል ኪዳን በ2007 ዓ.ም ከታወጀ ወዲህ «መቀንጨር» የሚለው ቃል ከጤና ባለሙያው አልፎ የሁላችንም ቃል ሆኗል። ዓላማው ትክክል ነው፣ በዚያ ላይ ክርክር የለኝም። ነገር ግን ቁመቱ ያጠረ ሕፃን ሁሉ በቂ ምግብ ያላገኘ ነው የሚል ፍርድም አብሮ ሰርጎ ገብቷል። ይህ ፍርድ ያለጥፋታቸው ከሚያሸማቅቃቸው መካከል የዳውን ሲንድረም ልጆች ያሏቸው እናቶች አሉ።

ነገሩን በምሳሌ እንየው። ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ የምትኖር አንዲት እናት ዳውን ሲንድረም ያለባትን የሁለት ዓመት ልጇን ይዛ ለክትትል ሄደች እንበል። ልጅቷ ስትለካ ቁመቷ 79 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደቷ 9.8 ኪሎ ሆነ። በዓለም ጤና ድርጅት ቻርት በዚህ ዕድሜ የሴት ልጅ መካከለኛ ቁመት 86 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ከ80 በታች የሆነች ልጅ ቀንጭራለች ትባላለች። ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ የታወቀ ነው፦ «ምንድን ነው የምታበያት?»

ያው ቻርት ግን ሌላም ገጽ አለው። ክብደትን ከዕድሜ ጋር ሳይሆን ከቁመት ጋር የሚያነጻጽረው ገጽ 79 ሴንቲ ሜትር ለሆነች ልጅ መሃሉ 10 ኪሎ ገደማ እንደሆነ ያሳያል። ስለዚህ ይህች ልጅ አጭር ናት እንጂ ከሲታ አይደለችም። ያጠረችው በሰውነቷ ሕዋሳት ውስጥ ያለው ትርፍ 21ኛ ክሮሞዞም እድገትን ስለሚያዘገይ ነው። ለቁመቷ ተመጣጣኝ ክብደት ላላት ልጅ ምግብ ቢጨመርላት የሚጨምረው ውፍረቷ ነው።

ልዩ ቻርት ያስፈለገው ለዚህ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2006 ያወጣው ቻርት የተሠራው ከብራዚል፣ ከጋና፣ ከሕንድ፣ ከኖርዌይ፣ ከኦማንና ከአሜሪካ በተመረጡ ጤናማ ሕፃናት ሲሆን፣ እድገትን የሚያውክ ችግር ያለባቸው በጥናቱ አልተካተቱም። እ.ኤ.አ. በ2015 የአሜሪካ ተመራማሪዎች 637 የዳውን ሲንድረም ልጆችን ለክተው የነሱን ቻርት አሳተሙ። የቧንቧ ውሃዋ ልጃችን በዚህኛው ቻርት ላይ ወደ መሃል ትጠጋለች።

«ለብቻ ቻርት መስጠት ማግለል ነው፣ ከልጁ የምንጠብቀውን ዝቅ ማድረግ ነው» የሚሉ አሉ። እኔ ደግሞ የተገላቢጦሽ ነው እላለሁ። ልጅቷ ሦስት ዓመት ሲሞላት ቁመቷ 81 ሴንቲ ሜትር ብቻ ሆነ እንበል። በተለመደው ቻርት አምናም ከመስመሩ በታች ነበረች፣ ዘንድሮም ከመስመሩ በታች ናት፤ አዲስ ወሬ የለም። በራሷ ቻርት ላይ ግን ከመሃል ተነስታ ወደ ታችኞቹ መስመሮች ወርዳለች። በዓመት ሁለት ሴንቲ ሜትር ለእሷም ቢሆን ጥቂት ነው። ዳውን ሲንድረም ባለባቸው ልጆች ላይ የታይሮይድ እጥረት በብዛት ይከሰታል፤ እድገትን ያቆማል፣ በደም ምርመራ ይታወቃል፣ በእንክብል ይታከማል። ቁመት ሳይሆን ክብደት አልጨምር ካለና ልጁ ሲጠባ ወይም ሲበላ ቶሎ የሚደክመውና የሚያልበው ከሆነ ደግሞ ልብ መታየት አለበት፤ ከነዚህ ልጆች ግማሽ ያህሉ ከልብ ችግር ጋር ይወለዳሉና። «እነሱ እንዲሁ ናቸው» ብሎ ማለፍ ሊታከም የሚችለውን በሽታ መደበቅ ነው።

ሌሎች ሁኔታዎችም እንዲሁ የራሳቸው ቻርት አላቸው። አኮንድሮፕላዢያ የሚባለው የአጥንት እድገት ችግር ያለበት ልጅ ጭንቅላቱ በተፈጥሮው ተለቅ ይላል። በተለመደው ቻርት ከተለካ ሁልጊዜ ጭንቅላቱ ውስጥ ውሃ የቋጠረ ያስመስለዋል፤ እውነተኛው ውሃ የመጣ ቀን የሚለየው በራሱ ቻርት ነው።

ልዩ ቻርቱን ግን አናምልከው። የአሜሪካ ልጆች ቻርት ነው። ደግሞም የሚነግረን ልጆቹ እንዴት እያደጉ እንዳሉ እንጂ እንዴት ማደግ እንዳለባቸው አይደለም። ከተለኩት መካከል የወፈሩ ስለነበሩ፣ በክብደት በኩል በሱ ብቻ የሚመካ ሰው ውፍረትን ጤና ሊያደርገው ይችላል። ስለዚህ ለቁመት ልዩውን፣ ክብደት ከቁመት ጋር መመጣጠኑን ለማየት የተለመደውን መያዝ ይሻላል። የክንድ ዙሪያ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች የሆነ ሕፃን ደግሞ ዳውን ሲንድረም ይኑርበትም አይኑርበት አስቸኳይ ሕክምና ያስፈልገዋል።

የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። በደሴና በኮምቦልቻ ሕፃናት በሚታዩበት ክፍል ሁሉ ለወንድና ለሴት የታተመ የዳውን ሲንድረም ቻርት ይቀመጥ፣ መስመሩን ለቆ የወረደ ልጅ የታይሮይድና የልብ ምርመራ ይታዘዝለት። እናቲቱን ምን እንደምታበላ ከመጠየቅ በፊት ልጇ ከማን ጋር እየተነጻጸረች እንደሆነ ይጠየቅ።