«ሰላም ብሮ» ብሎ «እርስዎ» አይሄድም

ከጥሊሊ ድንች የሚያቀርብ ልጅ ለአዲስ አበባ ሆቴል የመጀመሪያ ኢሜይሉን እንዲህ ጻፈ እንበል፦ «ሰላም ብሮ፣ እንዴት ነው? ዋጋችንን ልከንልዎታል፤ ሲመችህ ደውል።»

በአማርኛ አክብሮት የሚታየው ግሱ ላይ ነው። «ልከንልዎታል» ያከበረውን ሰው «ደውል» መልሶ ያወርደዋል። ተቀባዩ «ደስታ» የሚባል ከሆነ ደግሞ ሴትም ልትሆን ትችላለች፤ «ብሮ» ቁማር ነው። «እርስዎ» ግን ጾታ አይለይም።

ስለዚህ፦ «ጤና ይስጥልኝ። የድንች ዋጋችንን ልከንልዎታል፤ ሲመችዎት ይደውሉልን።» ከመላካችሁ በፊት ግሶቹን ብቻ መልሳችሁ አንብቡ፤ ሁሉም «እርስዎ» ማለት አለባቸው።

ደንበኛው «አንተ» ብሎ ቢመልስም ገና ፈቃድ አልሰጠም። በዕድሜ የሚበልጥ ሰው «አንተ» እያለ «እርስዎ» መባልን ይጠብቃል። ራሱ «አንተ በለኝ» እስኪል መታገስ ነው።