«ፈቃድ ላይ ነኝ፣ ለአስቸኳይ ጉዳይ ቢሮ ያነጋግሩ» ማን ነው ቢሮ?

ፈቃድ ስንወጣ ኢሜይላችን ላይ የምንተዋት አውት ኦፍ ኦፊስ አለች አይደል? «ፈቃድ ላይ ነኝ። ለአስቸኳይ ጉዳይ ቢሮ ያነጋግሩ። አመሰግናለሁ።» እኔ የምለው፣ እንዲህ ሆና ከምትላክ ጭራሽ ባትላክ ይሻላል። ምንም መልስ ያላገኘ ሰው ቢያንስ ይጠራጠራል፤ ደግሞ ይጽፋል፣ ስልክ ያፈላልጋል። ይህቺ መልእክት ግን መልስ ያገኘ ታስመስለውና ቁጭ ታደርገዋለች።

ግዢ ክፍል የምትሠራ አንዲት ወዳጄ ያጋጠማትን ልንገራችሁ። ድርጅቱን አልጠራም፣ እሷ ግን ጻፈው ብላኛለች። ዘንድሮ ለገና ከሰኞ ታኅሣሥ 20 ጀምሮ ፈቃድ ወጣች። ሥራ የምትገባው ሰኞ ጥር 4 ቀን 2018 ነበር። መልእክቷ ላይ መመለሻዋን እንዴት ጻፈችው? 04/05/2018። ለኛ ጥር አምስተኛው ወር ስለሆነ ምንም ስህተት የለውም። ቱርክ ያለው ዕቃ አቅራቢ ግን ሜይ 4 ቀን 2018 ብሎ አነበበው። አሜሪካዊ ቢሆን ደግሞ ኤፕሪል 5 ይለው ነበር። በሁለቱም መንገድ ያለፈ ቀን ነው፤ ያውም ከሰባት ዓመት በላይ ያለፈ። ሰውዬው ምን ያስብ? ይቺ ልጅ ድርጅቱን ለቃለች፣ ኢሜይሏን የሚዘጋላት አጥታ ነው አለ።

የላከው ደግሞ የቢል ኦፍ ሎዲንግ ረቂቅ ነበር። ረቡዕ ታኅሣሥ 22 ልኮ እስከ ዓርብ አረጋግጡልኝ ብሏል። ረቂቁ ላይ የአስመጪው ስም ኤልሲው ላይ ካለው ጋር አይገጥምም፤ አንድ ቃል ተዘሏል። በረቂቅነቱ ቢታይ በአንድ ኢሜይል የሚታረም ነገር ነው። መልስ ሲያጣ እንዳለ አሳተመው፣ መርከቡም ሄደ። ከዚያ በኋላ ለማረም ኦሪጅናሎቹን ሰብስቦ ለመርከብ ድርጅቱ መመለስ፣ የማስተካከያ ክፍያ መክፈል፣ አዲሱን መጠበቅ ነው። ባንክ ደግሞ ስሙ ስላልገጠመ ሰነዱን አልቀበልም አለ። ኮንቴይነሩ ከሰነዱ ቀድሞ ጅቡቲ ደረሰ፤ ወደብ ላይ ደግሞ ነጻ ቀኖች ካለቁ በኋላ ቆጣሪው መሮጥ ይጀምራል።

«ቢሮ ያነጋግሩ» የምትለው ቃልም አላዳነችም። ሰውዬው የሚያውቀው ኢሜይል የሷን ብቻ ነው። ቢሮ ማለት የትኛው ቢሮ ነው? ማንን ብሎ ይደውል?

ስለዚህ ቀን ስትጽፉ ወሩን በፊደል ጻፉት፣ የሳምንቱን ቀን ጨምሩበት፣ ለውጭ ሰው ከሆነ ደግሞ የፈረንጁን አስቀድሙ። «ሰኞ ጃንዋሪ 12 ቀን 2026» የሚለውን አሳስቶ የሚያነብ የለም። ይሄ የቀን ነገር ሰነፍ ስለሆንን የሚመጣ አይደለም፣ ሁለት ካላንደር ይዘን ስለምንኖር ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁን እዩት፣ በአማርኛ 1156/2011፣ በእንግሊዝኛ 1156/2019 ነው፤ ያው አንድ አዋጅ። ሰዓትም እንዲሁ ነው። «ከጠዋቱ 3 ሰዓት ጀምሮ እገኛለሁ» ያላችሁት ለፈረንጅ ሌሊት ነው።

ሌላዋ ጠንቀኛ ቃል «እስከ» ናት። «እስከ ዓርብ ፈቃድ ላይ ነኝ» ሲባል ዓርብን ይጨምራል ወይስ አይጨምርም? እኛው ራሳችን አንግባባም። የምትገቡበትን የመጀመሪያ የሥራ ቀን ጻፉ፣ አለቀ።

ወደ ተወካዩ ስንመጣ የኛ አገር ቢሮ ችግር ስም አለመጻፍ ብቻ አይደለም። ስም ተጽፎም ሰው ይደውልና «እሷ ናት የምታውቀው፣ ስትመጣ ነው» ይባላል። ይሄን ያልሰማ እጁን ያውጣ! ተወካዩ መወከሉን የሚያውቀው ከደዋዩ ነው። ፋይሉ እሱ ጋ የለም፣ መፈረም አይችልም፣ አለቃው ደግሞ ደብዳቤ አልጻፈለትም። እንዲህ ያለውን ሰው ስም መጻፍ ደንበኛን ማንከራተት ነው። ከመውጣታችሁ በፊት ቁጭ ብላችሁ በእጃችሁ ያለውን አንድ በአንድ አስረክቡት፤ የትኛው ጭነት ረቂቅ ሊመጣበት ነው፣ የትኛው ኤልሲ ጊዜው ሊያልፍ ነው። ፊርማ የሚያስፈልግ ከሆነ ውክልናው በጽሑፍ ይውጣ። ደግሞ እሱም ሰው ነው፣ ገናን አገር ቤት ሊያከብር ታኅሣሥ 28 አውቶቡስ ሊሳፈር ይችላል። ለነዚያ ቀናት ሁለተኛ ሰው ያስፈልጋል።

አስቸኳይ የሚለው ቃል ላይ ግን ትንሽ ልቆጣ። እኛ ጋ አስቸኳይ ያልሆነ ነገር አለ እንዴ? ለጽሕፈት መሣሪያ የዋጋ ማቅረቢያ የሚልክ ሰው እንኳ ርዕሱ ላይ «በጣም አስቸኳይ» ይላል። ቃሉን ሳትተረጉሙ ከስልክ ቁጥራችሁ ጋር ካስቀመጣችሁት ፈቃድ አልወጣችሁም፣ ሥራ ቦታ ነው የቀየራችሁት። አዋጁ ራሱ ፈቃድ ላይ ያለ ሠራተኛ ተመልሶ ሊጠራ የሚችለው ያልታሰበ ሁኔታ ሲያጋጥምና እሱ ራሱ ግድ ሲያስፈልግ ብቻ ነው ይላል፤ ለዚያውም ለቀረበት ፈቃድ ክፍያ አለው። ሕጉ እንኳ መስፈርት ሲያስቀምጥ እኛ ለማንም ላኪ በሩን ከፍተን እንተዋለን። አንዳንድ ኃላፊዎች «ሁሉም ነገር በኔ በኩል ይለፍ» ስለሚሉ እንደሆነ አውቃለሁ። እነሱ ፈቃድ ሲወጡ መሥሪያ ቤቱም አብሮ ፈቃድ ይወጣል።

የኔ መለኪያ አንድ ናት፦ እኔ እስክገባ ቢቆይ ገንዘብ ይጠፋል ወይ፣ ዕቃ ይቆማል ወይ? ለወዳጄ አብረን ያስተካከልነው ይህን ይመስላል፦

«ከሰኞ ታኅሣሥ 20 ጀምሮ ፈቃድ ላይ ነኝ። ሥራ የምገባው ሰኞ ጥር 4 ቀን 2018፣ በአውሮፓውያን ጃንዋሪ 12 ቀን 2026 ነው። የመርከብ ሰነድ ረቂቅ፣ የኤልሲ ማስተካከያ፣ ወይም ከዚያ ቀን በፊት የሚያልፍ ክፍያ ከሆነ ይህን መልእክት ለአቶ እገሌ በዚህ አድራሻ ይላኩላቸው፤ ረቂቅ የማጽደቅ ውክልና አላቸው። ከታኅሣሥ 28 እስከ 30፣ በአውሮፓውያን ከጃንዋሪ 6 እስከ 8፣ ወ/ሮ እገሊትን ያግኙ። አዲስ የዋጋ ማቅረቢያና የስብሰባ ጥያቄ ስመለስ አያለሁ።»

ለውጭ ሰው በእንግሊዝኛ ይሄንኑ። የአገር ውስጥ ደንበኛ ካላችሁ ሁለቱንም ቋንቋ አንድ ላይ አድርጉት።

አንድ ነገር ልጨምር። ጂሜይል ላይ Vacation responder ለአንድ ሰው በአራት ቀን አንዴ ብቻ ነው የሚመልሰው፤ አውትሉክም Automatic replies ሲበራ ለአንድ ላኪ አንዴ ነው የሚልከው። ስለዚህ ሰውዬው ደግሞ ሲጽፍ ሌላ መልስ አገኛለሁ ብሎ አይጠብቅ፤ የመጀመሪያዋ ላይ ሁሉም ነገር መኖር አለበት። አውትሉክ ላይ ለመሥሪያ ቤት ሰውና ለውጭ ሰው የሚላከው ለየብቻ ነው የሚጻፈው፤ የውስጡን ብቻ ሞልተው የሚሄዱ ሞልተዋል። የግል ስልካችሁንና የት እንደሄዳችሁ የውጪው ላይ አትጻፉ፣ ማን እንደሚልክላችሁ አታውቁም። ጂሜይል ላይ ደግሞ Last day የሚለውን ሳጥን ምልክት አድርጉበት፤ ያ ካልሆነ ለጥምቀት የጻፈላችሁ ሰው ገና ፈቃድ ላይ ናችሁ ይባላል። እዚያ ላይ የምትሞሉት የመመለሻችሁን ዋዜማ ነው፣ የዚያን ቀን እኩለ ሌሊት ላይ ይጠፋል። ወዳጄ ሰኞ ስለምትገባ እሁድን ነው የምትሞላው።