አሮጌ መኪና፣ የስም «ሙሉ ሽፋን»

«መኪናዬ አሮጌ ናት፣ ሦስተኛ ወገን ይበቃታል» የሚል ባለንብረት ከደብረ ታቦር ወደ ጋሸና የጉናን ዳገት ሲወጣ የያዘው የሌላውን ሰው ዋስትና ነው። በአዋጅ ቁጥር 799/2005 የታዘዘው ይህ መድን መኪናው ላደረሰችው ጉዳት እንጂ ገደል ገብታ ለተጎዳችው ለራሷ አይከፍልም። እሳትና ስርቆት ሲጨመርበት ብትቃጠል ወይም ብትሰረቅ ይካሳል፤ ብትገለበጥ ግን ምንም የለም። ግጭትንና ግልበጣን የሚሸፍነው ሙሉ ሽፋን ብቻ ነው።

ይሁንና «ሙሉ» የሚለው ስም አያታልል። በሌላው አገር መኪና ሲያረጅ ዋጋው ይወርዳል፤ በኢትዮጵያ ግን ብዙ ጊዜ ይወጣል፤ ውሉ ላይ የተጻፈው ዋጋ ደግሞ ባለበት ይቀራል። ገበያ ላይ 1,200,000 ብር የምታወጣ መኪና በ400,000 ብር መድን ተገባላት እንበል። ተጋጭታ ጥገናው 300,000 ብር ቢፈጅ፣ ኩባንያው የሚከፍለው ሲሶውን፣ 100,000 ብር ነው፤ ከዚያም ላይ ባለንብረቱ በውሉ የሚሸከመው ድርሻ ይቀነሳል። ይህ የኩባንያ ተንኮል አይደለም። በ1952ቱ የንግድ ሕግ መሠረት መድን ላልተገባለት ልዩነት ባለንብረቱ የራሱ መድን ሰጪ ነው።

እንግዲህ አረቦን ለማሳነስ ዋጋ ዝቅ ማስጻፍ ቁጠባ አይደለም፤ ለሲሶ ሽፋን «ሙሉ» የሚል ስም መግዛት ነው። ውል በታደሰ ቁጥር የዕለቱን የገበያ ዋጋ ማስጻፍ ይገባል። ለዚያ አቅም ያልፈቀደለት እሳትና ስርቆትን በትክክለኛው ዋጋ ገዝቶ፣ የግልበጣው ዕዳ የራሱ መሆኑን አውቆ ይንዳ።