የኮንትራቱ የኋላ ገጽ «ፎርማሊቲ» አይደለም

ትንሹ አስመጪ ከውጭ ሻጭ ኮንትራት ሲላክለት ሦስት ነገር ብቻ ያያል፦ ዋጋውን፣ ብዛቱንና የጭነቱን ቀን። ከዚያ በኋላ ያለውን ስምንት ገጽ እንግሊዝኛ ለትራንዚተሩ ወይም እንግሊዝኛ ለሚችል ዘመድ ያሳያል። መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «ይሄማ ስታንዳርድ ነው፣ ሁሉም ኮንትራት ላይ አለ።» አስመጪው ይፈርማል፣ ማኅተሙን ያሳርፋል፣ ወደ ባንክ ሮጦ ኤልሲ ያስከፍታል።

«ስታንዳርድ ነው» የሚለው እውነት ነው። ጥያቄው ግን ለማን ነው የተሰፋው የሚለው ነው። ያ የኋላ ገጽ የሻጩ ጠበቃ ለሻጩ የሰፋው ልብስ ነው። ገዢው ሳይለካው ለብሶት ይወጣል። በውስጡ ደግሞ ሦስት ቃላት አሉ፦ ኢንደምኒፋይ፣ ሆልድ ሃርምለስ እና ሊሚቴሽን ኦፍ ላያቢሊቲ። ብዙ ተርጓሚ ሦስቱንም «ካሳ» እና «ኃላፊነት» በሚሉ ሁለት ቃላት ጠቅልሎ ያልፋቸዋል። ጉዳቱ የሚጀምረው እዚያው ነው።

ኢንደምኒፋይ «ይክሳል» ተብሎ ይተረጎማል። በአማርኛ ካሳ ሲባል ግን ሰሚው የሚያስበው ያጠፋ ሰው ላጠፋው ሲከፍል ነው። ኢንደምኒፋይ የግድ ጥፋት አይጠይቅም። ትክክለኛ ምሳሌው ኢንሹራንስ ነው። ኢንሹራንስ ኩባንያው መኪናውን አልገጨም፣ ግን ይከፍላል፤ ምክንያቱም ያ ጉዳት ሲደርስ እከፍላለሁ ብሎ ተዋውሏል። በኮንትራት ላይ «ገዢው ሻጩን ኢንደምኒፋይ ያደርጋል» የሚል ከተጻፈ ገዢው አረቦን ሳይቀበል የፋብሪካው ኢንሹራንስ ሆኗል ማለት ነው።

ልዩነቱ በክርክር ላይም ይታያል። በእንግሊዝ ሕግ አንድ ሰው ተራ የውል መጣስ ካሳ ሲጠይቅ ሌላው ውሉን መጣሱን ማስረዳት አለበት። የደረሰው ጉዳትም ከመጣሱ በተፈጥሮ የሚመጣ ወይም ሁለቱም ሲዋዋሉ ሊያስቡት የሚችሉት መሆን አለበት። ይህ እ.ኤ.አ. ከ1854ቱ የሃድሊና የባክሴንዴል ፍርድ ጀምሮ የቆየ መርህ ነው። በኢንደምኒቲ ግን ጥያቄው ብዙ ጊዜ ያጥራል፦ የተጠቀሰው ነገር ደርሷል ወይ? ስንት ወጣ? ገዢው «እኔ ምን አጠፋሁ?» ቢል ጥያቄው ከውሉ ውጭ ነው።

ሆልድ ሃርምለስ ደግሞ «ከጉዳት ነፃ ያደርጋል» ተብሎ ይተረጎማል፤ አንባቢውም የኢንደምኒፋይ ድግግሞሽ ይመስለዋል። አንዳንድ ጊዜ በእርግጥም ድግግሞሽ ነው። አንዳንድ ጊዜ ግን አይደለም። የዩናይትድ ኪንግደም ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2010 በፋርስታድና በኤንቫይሮኮ ጉዳይ ይህን ተመልክቶታል። በስኮትላንድ ፒተርሄድ ወደብ ላይ በእሳት የተጎዳች መርከብ ጉዳይ ነበር። የመርከቧ ባለቤት ለተከራዩ እነዚህን ቃላት ጽፎ ፈርሞ ነበር። ፍርድ ቤቱ ቃላቱ ባለቤቱን ራሱ በመርከቧ ላይ ለደረሰው ጉዳት ተከራዩን እንዳይጠይቅ እንደሚከለክሉት ወሰነ። በቀላል አነጋገር፣ ኢንደምኒፋይ «ሌላ ሰው ቢጠይቅህ እኔ እከፍላለሁ» ሲል፣ ሆልድ ሃርምለስ ከዚያ አልፎ «እኔም ራሴ አልጠይቅህም» ሊል ይችላል። የትኛው እንደሆነ የሚወስነው የአንቀጹ ሙሉ አጻጻፍ ነው።

ሊሚቴሽን ኦፍ ላያቢሊቲ ጣሪያ ነው። ሻጩ ቢያጠፋም ከዚህ በላይ አልከፍልም የሚልበት ቁጥር ነው። እዚህ ላይ መታየት ያለበት ሁለት ነገር ብቻ ነው፦ ጣሪያው የማን ነው? የሚለካውስ በምን ነው?

ሦስቱ ለየብቻ ሲነበቡ አያስፈሩም። አንድ ላይ ሲቀመጡ ምን እንደሚሠሩ በአንድ ምሳሌ ይታይ።

መርካቶ ያለ አንድ አስመጪ 300 የኤሌክትሪክ ውሃ ማሞቂያ፣ አንዱን በ80 ዶላር፣ በጠቅላላ በ24,000 ዶላር ገዛ እንበል። ኮንትራቱ በእንግሊዝ ሕግ የሚገዛ፣ ክርክሩም በለንደን ግልግል የሚታይ ነው። የኋላ ገጹ እንዲህ ይላል፦ ዕቃው ዳግም በመሸጡ ወይም በጥቅም ላይ በመዋሉ ለሚነሳ ማንኛውም ጥያቄ፣ ጥያቄው ከሻጩ ቸልተኝነት የመነጨ ቢሆንም እንኳ፣ ገዢው ሻጩን ኢንደምኒፋይና ሆልድ ሃርምለስ ያደርጋል፤ የጠበቃ ወጪንም ይጨምራል። የሻጩ ጠቅላላ ኃላፊነት ግን ለጥያቄው ምክንያት ከሆነው ዕቃ ዋጋ አይበልጥም።

ማሞቂያዎቹ ሞጆ ደረቅ ወደብ ደርሰው፣ ቀረጥ ተከፍሎባቸው ተሸጡ። አንዱ አዳማ ያለ እንግዳ ማረፊያ ውስጥ ተገጠመ። ሙቀት መቆጣጠሪያው ከፋብሪካው ጀምሮ ብልሽት ነበረበትና አልቆርጥ ብሎ እሳት አስነሳ። ጉዳቱ 60,000 ዶላር ነው። የማረፊያው ባለቤት የሸጠለትን አስመጪ ከሰሰ፣ ፋብሪካውንም አብሮ ከሰሰ። ፋብሪካው ለመከላከያ ጠበቃ 15,000 ዶላር አወጣ።

አስመጪው 60,000ውን እንዲከፍል ተፈረደበት። ዞሮ ፋብሪካውን «የአንተ ብልሽት ነው» ሲለው የሚመጣለት መልስ የ80 ዶላር ነው፤ ለጥያቄው ምክንያት የሆነው ዕቃ አንድ ማሞቂያ ነዋ! ሆልድ ሃርምለሱ ሰፋ ተደርጎ ከተነበበ ደግሞ 80ውም ያከራክራል። በተቃራኒው ፋብሪካው የጠበቃውን 15,000 ዶላር ከአስመጪው ይጠይቃል። የሻጩ ኃላፊነት ጣሪያ አለው፣ የገዢው ግን የለውም። ሙቀት መቆጣጠሪያውን ያልሠራው፣ ያልመረመረው፣ ሊከፍተውም የማይችለው ሰው 75,000 ዶላር ተሸክሞ 80 ዶላር ይከራከራል።

«የእንግሊዝ ሕግ ፍትሐዊ ነው፣ ዳኛው እንዲህ ያለውን አንቀጽ ይጥለዋል» የሚል ተስፋ በብዙዎች ዘንድ አለ። በእርግጥ እ.ኤ.አ. በ1977 የወጣ ኢፍትሐዊ የውል ቃላትን የሚመለከት የእንግሊዝ ሕግ አለ፤ ምክንያታዊ ያልሆኑ የኃላፊነት ገደቦችን ይቆጣጠራል። ነገር ግን የሕጉ 26ኛ ክፍል ቁጥጥሩ በዓለም አቀፍ የዕቃ አቅርቦት ውሎች ላይ እንዳይሠራ አውጥቶታል። ሻጭና ገዢ በተለያየ አገር ሆነው ዕቃው ድንበር ተሻግሮ ሲመጣ ውሉ እዚያ ውስጥ ይወድቃል። ሻጩ በራሱ ማጭበርበር መደበቅ አይችልም፤ ከዚያ መለስ ያለውን ግን ዳኛው እንደተጻፈው ያነበዋል። ለንደን ሩቅ ነው ማለትም አያድንም። ኢትዮጵያ በ2012 ዓ.ም. የኒውዮርክ ስምምነትን ስለተቀበለች፣ ለንደን የተሰጠ የግልግል ውሳኔ እዚህ ፍርድ ቤት ቀርቦ እንዲፈጸም የሚጠየቅበት መንገድ ተከፍቷል።

ኤልሲውም አስመጪውን አይጠብቀውም። ባንክ የሚያየው ሰነድ እንጂ ዕቃ አይደለም። ሰነዱ ከተሟላ ብልሹ ማሞቂያ ቢሆንም ሻጩ ይከፈለዋል። ስለዚህ ብልሽቱ በታወቀበት ቀን ገንዘቡ ከሄደ ሰንብቷል፤ በአስመጪው እጅ የቀረው ያ ያላነበበው የኋላ ገጽ ብቻ ነው።

ሻጮች የሚያነሱት አንድ መከራከሪያ አለ፤ ችላ የሚባልም አይደለም። «ዋጋው የረከሰው አደጋውን አንተ ስለያዝክ ነው» ይላሉ። ይሁን። እንግዲያው የአደጋው ዋጋ ይነገር። ለምርት ጉዳት ኢንሹራንስ መግባት የሚቀለው በዓመት ብዙ ሺህ ማሞቂያ ለሚያመርተው ፋብሪካ ነው ወይስ በዓመት አንድ ኮንቴይነር ለሚያስገባው ነጋዴ? አደጋውን መከላከል የሚችለው ወገን አደጋውን ይያዝ ማለት ልመና አይደለም፣ የንግድ ሒሳብ ነው።

የሚጠየቀውም ብዙ አይደለም። አንደኛ፣ ኢንደምኒቲው በጥፋት ይከፈል፦ ከዲዛይንና ከአሠራር ጉድለት የሚመጣውን የሦስተኛ ወገን ጥያቄ ሻጩ፣ ከአገጣጠም፣ ከአከመቻቸትና ከተጋነነ ማስታወቂያ የሚመጣውን ገዢው ይሸከም። «ከሻጩ ቸልተኝነት የመነጨ ቢሆንም» የሚለው ሐረግ ይውጣ። የእንግሊዝ ፍርድ ቤቶች አንድ ሰው የሌላውን ቸልተኝነት ዕዳ እንዲሸከም ግልጽ ቃል ይፈልጋሉ፤ ሐረጉ እዚያ የተቀመጠውም ለዚህ ነው። ሁለተኛ፣ ሆልድ ሃርምለስ በሦስተኛ ወገን ጥያቄ ላይ ብቻ ይወሰን፤ ገዢው በራሱ ስም ሻጩን የመጠየቅ መብቱ እንደማይነካ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፍ። ሦስተኛ፣ ጣሪያው ለሁለቱም ይሁን፤ የሚለካውም በአንድ ዕቃ ሳይሆን ቢያንስ በትዕዛዙ ጠቅላላ ዋጋ። ሞት፣ የአካል ጉዳትና ከዕቃው ጉድለት የሚመጣ የንብረት ጉዳት ደግሞ ከሻጩ ጣሪያ ውጭ ይሁኑ። ሻጩ ይህን እምቢ ካለ የኢንሹራንስ ሰርተፍኬቱን ያሳይ፤ ጣሪያው እስከዚያ መጠን ይደርስ።

በምሳሌው ላይ እነዚህ ተጽፈው ቢሆን ኖሮ አስመጪው 60,000ውን ይዞ ፋብሪካውን የሚጠይቅበት በር ክፍት ይሆን ነበር፤ የፋብሪካው 15,000ም በፋብሪካው ይቀር ነበር። ሁሉም ሻጭ ሁሉንም አይቀበልም። ትንሽ ገዢ ጉልበቱ ትንሽ ነው። ያቺ ትንሽ ጉልበት የምትሠራው ግን በአንድ ወቅት ብቻ ነው፦ ከፕሮፎርማው በኋላ፣ ኤልሲው ከመከፈቱ በፊት። ኤልሲው ከተከፈተ በኋላ ኮንትራት ማንበብ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው።

አንድ ጠበቃ የኋላውን ገጽ ለማንበብ የሚጠይቀው ክፍያ ብዙ አስመጪ «ለወረቀት!» ብሎ የሚያልፈው ገንዘብ ነው። ያው አስመጪ ለናሙና ማምጫ ሲከፍል አያቅማማም። ናሙናው የሚነግረው ማሞቂያው ውሃ ማሞቁን ነው። ቤት ሲያቃጥል ማን እንደሚከፍል የሚነግረው ያ «ፎርማሊቲ» የተባለው ገጽ ብቻ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል።