ሁለቱ ክኒኖች

የዛሬው ዓምዳችን ከእሪ በከንቱ አካባቢ አንዲት እህት ላቀረበችልን ጥያቄ መልስ ነው። ትዳር ከያዘች ሦስት ዓመቷ ነው። የወር አበባዋ በሁለት ወይም በሦስት ወር አንዴ ይመጣል፤ ሐኪሙም ሕመሙ ፖሊሲስቲክ ኦቫሪ መሆኑን ነግሯታል። ባሏም ተመርምሮ ደህና ነው። የታዘዘላትን ሌትሮዞል ከፒያሳ ገዝታ ወረቀቱን ብታነብ «ለጡት ካንሰር» ይላል። አማቷ ደግሞ «እነ እገሌ የወለዱት በክሎሚፊን ነው» አሏት። ክኒኑን ሳትውጠው አስቀመጠችው።

ወረቀቱ አልዋሸም፤ መድኃኒቱ መጀመሪያ የተሠራው ለዚያ ነው። ሥራው ሰውነት ኤስትሮጅን እንዳያመርት መከልከል ነው። ለጥቂት ቀናት ሲወሰድ ግን አንጎል የኤስትሮጅኑን ማነስ አይቶ እንቁላል የሚያበስለውን ሆርሞን ይጨምራል። ክሎሚፊን ኤስትሮጅኑን አይነካም፤ አንጎል እንዳያየው ይጋርደዋል እንጂ። ችግሩ ይህ መጋረጃ በሰውነት ውስጥ ለሳምንታት መቆየቱ፣ በማኅፀን ላይም ማረፉ ነው። ስለዚህ የማኅፀኑ ሽፋን አንዳንዴ ይሳሳል። ሌትሮዞል በቀናት ውስጥ ከሰውነት ይወጣል።

በ2014 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ይህ ሕመም ያለባቸው 750 ሴቶች ሁለቱን መድኃኒቶች እስከ አምስት ዙር ሞክረው ነበር። ሌትሮዞል ከወሰዱት ከመቶ 27 ያህሉ፣ ክሎሚፊን ከወሰዱት 19 ያህሉ ወለዱ። ልዩነቱ ጎልቶ የታየው ክብደታቸው በበዛ ሴቶች ላይ ነው። የ2018 እና የ2023 ዓለም አቀፍ መመሪያዎችም ሌትሮዞልን አስቀደሙ። እንግዲህ አማቲቱ አልተሳሳቱም፤ በክሎሚፊንም ይወለዳል፣ ዕድሉ ግን ያነሰ ነው። በ2005 ሌትሮዞል ፅንስ ይጎዳል የሚል ሥጋት ተነሥቶ ነበር፤ በኋላ የተደረጉ ጥናቶች ከክሎሚፊን የባሰ ጉዳት አላገኙም። ሆኖም ክኒኑ ከመጀመሩ በፊት እርግዝና አለመኖሩ መመርመር አለበት፤ አበባዋ ለወራት ለሚዘገይባት ሴት ይህ የግድ ነው።

ደሙ ካልመጣ ሐኪሙ በሌላ ክኒን ያመጣዋል። ከዚያ በሦስተኛው ቀን ተጀምሮ ለአምስት ቀን በየቀኑ 2.5 ሚሊግራም ይወሰዳል። ሦስተኛው ቀን የሚቆጠረው ደሙ ከታየበት ዕለት እንጂ ከሐይድ ከታጠቡበት አይደለም! እንቁላሉ ብዙውን ጊዜ የሚለቀቀው የመጨረሻው ክኒን ከተዋጠ ከአምስት እስከ አሥር ቀን ባለው ጊዜ ስለሆነ፣ ባልና ሚስት በነዚያ ቀናት ባይራራቁ ይመረጣል። ደም መምጣቱ ብቻውን እንቁላል መለቀቁን አያረጋግጥም። የሚያረጋግጠው በ21ኛው ቀን አካባቢ የሚደረግ የፕሮጄስትሮን የደም ምርመራ ነው። ካልተለቀቀ ሐኪሙ በሚቀጥለው ዙር መጠኑን ወደ 5፣ ከዚያም ወደ 7.5 ያሳድገዋል። እንቁላል እየተለቀቀ ስድስት ዙር ያህል ካለፈና ፅንስ ካልተያዘ ግን ምክንያቱ ሌላ ሊሆን ይችላልና፣ የማኅፀን ቱቦዎቿ መከፈታቸው ይመርመር።