ግድግዳው ለብሶ ዓምዱ ራቁቱን

ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ከተማ ስለሆነች የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊቷ ብርቱ ነው። በከተማዪቱም ሆነ በአካባቢዋ አዲስ በተሠሩ የብሎኬት ቤቶች የሚኖሩ ሰዎች «ቤቱ እንደ ጭቃ ቤት አይሞቅም» ሲሉ ቅሬታቸውን ያሰማሉ። ብዙዎች በብሎኬቱ ያሳብባሉ። እኛ ግን ከብሎኬቱ ይልቅ የአርማታው ዓምድና በግንቡ ራስ ላይ የሚዞረው ቢም ሊመረመሩ ይገባል እንላለን።

ብሎኬት በሆዱ አየር ስላለው ሙቀትን በመጠኑ ያዘገያል። አርማታ ግን ድፍን ስለሆነ ሙቀቱን ከውስጥ ወደ ውጭ ያሻግራል፤ የሙቀት ድልድይ የሚባለውም ይኸው ነው። ምልክቱን ማንም ሊያየው ይችላል፦ በማለዳ ግድግዳውን በመዳፍ ቢዳስሱት ዓምዱ ከብሎኬቱ ይቀዘቅዛል፤ ውሎ አድሮም ጤዛ እየያዘ በልስኑ ላይ የዓምዱንና የቢሙን ቅርጽ ተከትሎ ጥቁር ሻጋታ ይወጣል።

እስቲ አንድ ግድግዳ እናስላ። ርዝመቱ 4 ሜትር፣ ቁመቱ 3 ሜትር፣ ውፍረቱ 20 ሳንቲ ሜትር ይሁን። ከስፋቱ አንድ አምስተኛ ያህሉ አርማታ ነው እንበል። ውስጡ 18፣ ውጩ 8 ዲግሪ ቢሆን በብሎኬቱ በኩል 260 ዋት፣ በአርማታው በኩል 85 ዋት ያህል ሙቀት ይወጣል። አሁን ባለቤቱ ከብርዱ ለመዳን ብሎኬቱን ብቻ በ4 ሳንቲ ሜትር ፎም ከውስጥ ቢያለብስ የብሎኬቱ ኪሳራ ወደ 70 ዋት ይወርዳል፤ የአርማታው 85 ግን እንዳለ ይቀራል። ስለዚህ ከግድግዳው አንድ አምስተኛ የሆነው ክፍል ከቀረው ሁሉ ይበልጥ ያፈሳል ማለት ነው። ያው ፎም ዓምድና ቢም ሳይለይ ከውጭ ሙሉውን ቢሸፍን ግን የአርማታው ኪሳራ ወደ 18 ዋት ይወርዳል። እርግጥ የጎጃም ክረምት የዋዛ ስላልሆነ ልስኑ በመረብ ተይዞ፣ የጣራው ክፈፍም ረዘም ብሎ ውኃውን ማራቅ አለበት።

ገና ለሚሠራ ቤት ርካሽ መንገድ አለ። ዓምዱ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ይቆም፤ ከፊቱ ባለ 10 ሳንቲ ሜትር ብሎኬት በሽቦ ታስሮ ይለፍ። ይህ ዓምዱን ከብሎኬቱ ጋር ያስተካክለዋል እንጂ የሞቀ አያደርገውም። መሠረቱም ተጨማሪውን ብሎኬት እንዲሸከም ሰፋ ማለት ስላለበት ነገሩ በፕላኑ ላይ ሊወሰን ይገባዋል። ዓምዱን አቅጥኖ ሙቀት ለማትረፍ መሞከር ግን ቤት ማፍረስ ነው።

ጣራው ቆርቆሮ ሆኖ ኮርኒስ የሌለው ቤት በቅድሚያ ኮርኒሱን ያሠራ፤ በዚያ በኩል የሚወጣው ሙቀት ይበልጣልና። ከዚያ በኋላ ግን ግንበኛው «ብሎኬቱን አለብሼዋለሁ» ሲል «ዓምዱስ?» ብሎ መጠየቅ የባለቤቱ ፋንታ ነው።