ስቲከሩ ሌባ አያስቆምም

ጠዋት ከአዲሱ ገበያ ወደ ፒያሳ በሞተር የሚመላለስ ሠራተኛ ብዙ ነው። ጊዮርጊስ አካባቢ ሲደርስ ሞተሩን ከቢሮው በታች አቁሞ ይገባል። ኢንሹራንስ አለህ ወይ ቢባል «እንዴታ!» ብሎ ስቲከሩን ያሳያል። ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው፤ ስቲከሩ የሦስተኛ ወገን ነዋ።

የሦስተኛ ወገን መድን በአዋጅ ቁጥር 799/2005 መሠረት ግዴታ ነው። የሚከፍለው ሞተሩ ሌላ ሰው ላይ ወይም የሌላ ሰው ንብረት ላይ ላደረሰው ጉዳት ነው። ሞተርዎ ቢሰረቅ ግን አምስት ሳንቲም አይሰጥዎትም። የስርቆት ሽፋን የሚገኘው «እሳትና ስርቆት» ተጨምሮበት ሲገዛ ወይም ሙሉ ኢንሹራንስ ሲገባ ነው።

ሙሉውን የገባም ቢሆን እፎይ ማለት የለበትም። እንበልና ሞተረኛችን ሙሉ ኢንሹራንስ አለው። ለሁለት ደቂቃ ፎቶ ኮፒ አነሳለሁ ብሎ ቁልፉን ሳይነቅል ወረደ። ሲመለስ ሞተሩ የለም። ፖሊስ ጣቢያ ሄዶ ያመለክታል፤ ማስረጃውን ይዞ መድን ድርጅቱ ጋ ይቀርባል። እዚያ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ሁለቱም ቁልፎች የታሉ?» ተብሎ ነው። ሞተሩ ሲገዛ የተሰጡት ሁለት ቁልፎች ናቸው፤ አንዱ ከሞተሩ ጋር ሄዷል። ውሉ ደግሞ «መድን ገቢው ንብረቱን ለመጠበቅ ተገቢውን ጥንቃቄ ያደርጋል» ይላል። ክርክሩ እንግዲህ ስለ ሌባው መሆኑ ይቀርና ስለ ባለቤቱ ጥንቃቄ ይሆናል።

በማመልከቻ ቅጹ ላይ የሚሞላውም ቀላል ነገር አይደለም። ማታ የት ይታደራል? ሰንሰለት አለው? ጂፒኤስ ተገጥሞለታል? በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ መድን የሚገባ ሰው የሚያውቀውን ሁኔታ በትክክል እንዲያሳውቅ ያስገድዳል፤ አውቆ የደበቀ ወይም የዋሸ ሰው ውሉ ሊፈርስበት ይችላል። «ግቢ ውስጥ ያድራል» ብሎ የሞላ ሰው ግቢ ቀይሮ መንገድ ዳር ማሳደር ከጀመረ፣ ለውጡን በጽሑፍ ማሳወቅ አለበት። ጂፒኤስም እንዲሁ ነው። በ2011 ዓ.ም. የከተማው አስተዳደር በሞተር የሚፈጸም ቅሚያ በዛ ብሎ እንቅስቃሴያቸውን ካገደ ወዲህ ጂፒኤስ ከሞተር ፈቃድ ጋር ተያይዞ ይነሳል። ነገር ግን ውሉ መሣሪያውን ቅድመ ሁኔታ አድርጎት ከሆነ፣ መገጠሙ ብቻ ሳይሆን መሥራቱም ይጠየቃል። የአገልግሎት ክፍያው ተቋርጦ የጠፋ ጂፒኤስ እንዳልነበረ ሊቆጠር ይችላል።

ሌላም አለ። ሞተሩን ለጓደኛ አውሶ ጓደኛው ይዞት ቢሰወር፣ በሕግ ዓይን ይህ እምነት ማጉደል እንጂ ስርቆት ላይባል ይችላል። ስርቆት ብቻ የሚል ውል ይህን አይሸፍንም።

የገንዘቡም ልክ ይታይ። ከሐምሌ 2016 የምንዛሪ ለውጥ በፊት ሞተሩን በ100 ሺህ ብር አስመዝግቦ በዚያው እያደሰ የሚሄድ ሰው አለ። ዛሬ ያው ሞተር 200 ሺህ ብር ያወጣል እንበል። ከተሰረቀ የሚያገኘው ቢበዛ 100 ሺህ ነው፤ ከዚያም ላይ ባለቤቱ በውሉ የተስማማበት የራስ ድርሻ ይቀነሳል። በግማሽ ዋጋ ሌላ ሞተር አይገዛም።

ወደ ኋላ ወንበር እንምጣ። ማታ የሥራ ባልደረባን «ና ላድርስህ» ማለት የተለመደ ነው። ሞተሩ ተንሸራቶ የኋለኛው እግሩ ቢሰበርስ? አዋጁ በተሽከርካሪ አደጋ ለተጎዳ ሰው አስቸኳይ ሕክምና እንዲሰጥ ይላል፤ አዋጁ ሲወጣ የተቀመጠው ጣሪያ ግን 2 ሺህ ብር ነበር። ለስብራት ቀዶ ጥገና ይህ ምንም ማለት አይደለም። ጥፋቱ የአሽከርካሪው ከሆነ ቀሪው ካሳ ከራሱ ኪስ ሊጠየቅ ይችላል። ለዚህ ነው የተሳፋሪ ሽፋን በውሉ ላይ በስም ተጽፎ፣ የብር መጠኑም ተለይቶ መታየት ያለበት። አሽከርካሪው ራሱም ሦስተኛ ወገን አይደለም፤ ለራሱ የአካል ጉዳት ሽፋን ለብቻው ይገባል።

አንድ ጥንቃቄ ደግሞ አለ። ውሉ «ለግል አገልግሎት» የሚል ሆኖ ሰው በክፍያ ከተጫነ፣ ያ አገልግሎት ከውሉ ውጪ ነው። የሞተሩ ፈቃድ ሰው መጫን የማይፈቅድ ከሆነም የተሳፋሪ ሽፋን አለኝ ማለት ብዙ አያስኬድም። ስለዚህ ፈቃዱና ፖሊሲው አንድ ነገር ማለታቸውን ጎን ለጎን አድርጎ ማየት ይገባል።

አረቦኑን ከመክፈል በፊት እንግዲህ ሦስት ጥያቄ ይበቃል፦ ስርቆት የሚከፈለው ምን ሲሟላ ነው? ከኋላዬ የሚቀመጠው ሰው ስንት ብር ተጽፎለታል? ሞተሬ የተመዘገበው በዛሬ ዋጋ ነው ወይ? መልሱ የወኪሉ «አይዞህ ይሸፈናል» ከሆነ አይበቃም። በችግር ቀን የሚነበበው ወረቀቱ ነውና፣ በወረቀቱ ላይ ይጻፍልዎ።